«አካባቢ ኢ» የሚባል ሰፈር የለም፦ የቤት ቁጥር ወደሌለበት ከተማ እቃ ስትልኩ

ታናሽ እህቴ ያለችው ቤይሩት ነው። እማዬ ደግሞ ፋሲካ በደረሰ ቁጥር እጇ አያርፍም። በርበሬ ታስፈጫለች፣ ሽሮ ታዘጋጃለች፣ ዳቦ ቆሎ ትቆላለች። ካርቶኑን አስሮ ማስላክ የእኔ ሥራ ነው። መጀመሪያ የላክሁት ካርቶን ሁለት ወር ተንከራትቶ እዚሁ ሀዋሳ ተመለሰ። አንዱ ጥጉ ተጨፍልቋል። በርበሬው ከላስቲኩ ሾልኮ ወረቀቱን ሁሉ አቅልሞታል። እማዬ ካርቶኑን አይታ ምንም አላለችም፤ ዝም ብላ ወደ ጓዳ ይዛው ገባች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥፋቱን ያገኘሁት ከላይ የተለጠፈውን ወረቀት ሳነብ ነው። የአድራሻው መስመር እንዲህ ይላል፦

```
Beirut Bourj Hammoud Dora akababi E
```

በቃ። እዚህ ላይ ያልቃል። እኔ የጻፍኩት «ቤይሩት፣ ቡርጅ ሐሙድ፣ ዶራ አካባቢ፣ ኢትዮጵያ ሱቅ አጠገብ፣ ሰማያዊ በር፣ ሦስተኛ ፎቅ» የሚል ነበር። በላቲን ፊደል፣ በአንድ መስመር፣ ሳልተነፍስ። ካርቶኑን የተቀበለችኝ ልጅ እንዳለ ወደ ኮምፒውተር ገለበጠችው። ኮምፒውተሩ በአንድ መስመር የሚቀበለው 35 ፊደል ብቻ ነው፤ በሁለት ቃላት መሃል ያለው ክፍት ቦታም ይቆጠራል። 35ኛው ላይ ሲደርስ ቆረጠው። ቤይሩት ያለው ሞተረኛ «አካባቢ ኢ» የሚባል ሰፈር ሲፈልግ ይታያችሁ። ሰውዬው «አካባቢ» የሚለውን ቃል የማን ስም ነው ብሎ እንዳሰበው እስካሁን እገረማለሁ።

ስለ ሌላው ብዙ ሰው ጽፏል፦ ምን ይላካል፣ ምን ይከለከላል፣ ኪሎው ስንት ነው። ምግብ ነክ ነገርና ቡና ከሆነ ካርቶኑን ከማሸጋችሁ በፊት የምትልኩበትን ቢሮ ጠይቁ፤ ደንቡ እንደ አገሩ ይለያያል። እኔ የማወራው ስለ አድራሻው ብቻ ነው። ምሳሌዬ ቤይሩት ነው። ዘመዳችሁ ያለችው የቤት ቁጥር በማይነገርበት በሌላ ከተማ ቢሆንም አሠራሩ ብዙ አይለይም።

የቤይሩትን ነገር ሀዋሳ ያደገ ሰው ቶሎ ይገባዋል። መንገዶቹ በወረቀት ላይ ስም ወይም ቁጥር ቢኖራቸውም ሰው በዚያ አይጠራቸውም። ሕንፃው የሚታወቀው በባለቤቱ ስም ነው። ቦታው የሚነገረው በፋርማሲው፣ በዳቦ ቤቱ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ነው። እኛስ? ባጃጅ ስንይዝ «ታቦር ክፍለ ከተማ፣ የቤት ቁጥር ይሄን ያህል» ብሎ የሚያውቅ ሰው አለ? «ከገብርኤል ወደ ሐይቁ ስትወርድ ሁለተኛው ቅያስ ላይ አውርደኝ» ነው የምንለው። ባለባጃጁም ያደርሰናል።

ግን አንድ ነገር አለ። ባለባጃጁ ካልገባው ዞር ብሎ ይጠይቃል። «የትኛው ቅያስ? ከወፍጮ ቤቱ በፊት ነው በኋላ?» ይላል። እኛም በእጃችን እናሳየዋለን። ካርቶን ላይ የተለጠፈ ወረቀት ግን ዞር ብሎ የሚጠየቅ ሰው የለውም። ስለዚህ ባለባጃጁ ሊጠይቅ የሚችለውን ሁሉ ቀድመን መልሰን መጻፍ አለብን። ያውም በ35 ፊደል።

ደግሞ ያንን ወረቀት የሚያነቡት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። ይህን ባለማወቅ ነው ብዙ ካርቶን የሚመለሰው። የመጀመሪያው ለያዩ ነው። አዲስ አበባ ወይም ቤይሩት መጋዘን ውስጥ ቆሞ እቃውን በአገር፣ በከተማና በወረዳ ይከፋፍላል። እሱ አገሩን፣ ከተማውንና ወረዳውን ብቻ ነው የሚያየው። የፋርማሲው ነገር አያገባውም፤ እንዲያውም ያደናግረዋል። ሁለተኛው ሞተረኛው ነው። እሱ ደግሞ ከተማው ውስጥ ስላለ አገሩ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። የሚፈልገው ስልክ፣ ሕንፃና ምልክት ነው። የሁለቱን በአንድ መስመር ስናቀላቅል ሁለቱም ይቸገራሉ። የለያዩን ከታች፣ የሞተረኛውን ከላይ፣ እያንዳንዱን በየመስመሩ መጻፍ ነው ያለብን።

እኛ አገር አድራሻ የምንጽፈው ከትልቁ ወደ ትንሹ ነው። ሀዋሳ፣ ክፍለ ከተማ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር። ወደ ውጭ የሚላክ እቃ ላይ ይገለበጣል። ስም ከላይ፣ ቀጥሎ ሕንፃው፣ መንገዱ፣ ከተማው፣ አገሩ መጨረሻ ላይ በትልልቁ የላቲን ፊደል። ለያዩ ዓይኑን የሚወረውረው መጨረሻው መስመር ላይ ነው። እዚያ ላይ «ሰማያዊ በር» ካገኘ ካርቶኑ ጥግ ይጣላል።

ከተማውም ራሱ ወጥመድ አለው። ለእኛ ዶራም ቡርጅ ሐሙድም ያው ቤይሩት ነው። እህቴም ስታወራ «እዚህ ቤይሩት» ነው የምትለው። በአስተዳደር ግን ቡርጅ ሐሙድ ከቤይሩት ወንዝ ማዶ ያለ፣ የራሱ ማዘጋጃ ቤት ያለው፣ መትን በሚባል ወረዳ ውስጥ የሚገኝ ከተማ ነው። የከተማ ሳጥኑ ላይ «ቤይሩት» ብላችሁ ካስገባችሁ እቃው ለቤይሩት ሞተረኛ ይሰጣል። እሱ ደግሞ የቡርጅ ሐሙድን ጓዳ ጎድጓዳ አያውቅም። ትክክለኛውን ስም የሚያውቀው እዚያ የሚኖር ሰው ስለሆነ መጠየቅ ነው።

አጠያየቁ ላይ ቆም እንበል፤ የእኔ ትልቁ ስህተት እዚያ ነበር። መጀመሪያ ለእህቴ ስደውል «አድራሻሽን ንገሪኝ» ነበር ያልኳት። «ኧረ ጋሼ፣ እዚህ አድራሻ የሚባል ነገር የለም» አለች። ከዚያ እያሰበች፣ እየተርጎመች፣ ለእኔ ይገባዋል ያለችውን ነገረችኝ። «ኢትዮጵያ ሱቅ አጠገብ» የመጣው ከዚያ ነው። ያ ሱቅ ለእኛ ልጆች ምልክት ነው። ለሊባኖሳዊው ሞተረኛ ግን ከመቶ ሱቆች አንዱ ነው፤ በላዩ ላይ የተጻፈውን አማርኛም አያነበውም።

ሁለተኛው ጊዜ ጥያቄውን ቀየርኩት። «ምግብ ስታዢ ወይ ጋዝ ስታስመጪ ለሚያመጣው ልጅ በስልክ ምን ትይዋለሽ?» አልኳት። ሳታስብ መለሰች። በአረብኛ ጀመረችና ሳቀች፣ ከዚያ በአማርኛ ደገመችው። «ከዶራ በኩል በአራክስ መንገድ ና፣ ቤተ ክርስቲያኑን እንዳለፍክ ሁለተኛው ቅያስ ወደ ግራ፣ ከፋርማሲው ፊት ለፊት ያለው የሐና ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ።» ይሄውላችሁ። አድራሻው ቤቷ ውስጥ ነበር። በየሳምንቱ ትናገረዋለች፣ በየሳምንቱም ሰው እየሰማ ይመጣል። የተፈተነ አድራሻ ማለት ይህ ነው። (የሕንፃውንና የምልክቶቹን ስም ለዚህ ጽሑፍ ቀይሬያቸዋለሁ።)

በዚህች አረፍተ ነገር ውስጥ ምን እንዳለ ተመልከቱ። መጀመሪያ ከየት በኩል እንደሚመጣ ትነግረዋለች፤ ያለዚያ «ግራ» የሚለው ቃል ትርጉም የለውም። ከዚያ የማይንቀሳቀስና ከሩቅ የሚታይ ምልክት ትሰጠዋለች። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ነዳጅ ማደያ ጥሩ ናቸው፤ የሰፈር ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ከዚያ ቅያሱን ትቆጥርለታለች። በመጨረሻ «ፊት ለፊት» ትላለች። «አጠገብ» አላለችም። «አጠገብ» ማለት በአራቱም አቅጣጫ ነው፣ መቶ ሜትርም ሊሆን ይችላል። «ፊት ለፊት» ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው። የበር ቀለም የተወችውም ያለምክንያት አይደለም፤ ቀለም ይቀየራል፣ ሌሊት ደግሞ ሰማያዊውም ጥቁር ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ያንን አረፍተ ነገር ኮምፒውተሩ በሚቀበለው ልክ እንዲህ አሳጠርኩት፦

```
Hanna Bldg, 3rd Fl, opp. Pharmacy
Arax St, 2nd left after church
Bourj Hammoud, Metn
LEBANON
```

የመጀመሪያው መስመር 33 ፊደል ነው። ሁለተኛው 30። ቆጥሬያቸዋለሁ። የምትልኩበት ቢሮ አሠራር 45 የሚቀበልም ሊሆን ይችላል፤ 35 ላይ ካቆማችሁ ግን አብዛኛው ጋ ይገባል። `Bldg` ሕንፃ፣ `Fl` ፎቅ፣ `opp.` ፊት ለፊት ማለት ነው፤ እነዚህን አሕጽሮቶች ሞተረኛው ያውቃቸዋል። «አካባቢ»፣ «ሱቅ»፣ «ጋር» የሚሉ የእኛን ቃላት በላቲን አትጻፉ። የቦታ ስም ስትጽፉም እዚያ አገር በሚጻፍበት ፊደል ይሁን። ሊባኖሶች ስሞችን በፈረንሳይኛ ልማድ ስለሚጽፉ ቡርጅ `Bourj` ነው የሚሆነው። በጆሯችሁ የሰማችሁትን ከመጻፍ እሷ በስልክ ጽሑፍ እንድትልክላችሁ አድርጉ።

ካርቶኑን ስታስረክቡ ከጀርባ ሆናችሁ አትጠብቁ። ቅጹ በእጅ ቢሞላም መጨረሻ ላይ ወደ ኮምፒውተር መግባቱ አይቀርም። በዓለም የፖስታ ሕብረት ደንብ እቃ ያለበት ጥቅል ሁሉ ከእ.ኤ.አ. ጥር 2021 ጀምሮ መረጃው በኤሌክትሮኒክ ቀድሞ መድረስ አለበት። ስለዚህ ዋናው እናንተ የጻፋችሁት መሆኑ ቀርቶ ጸሐፊዋ የተየበችው ሆኗል። ታትሞ ሲወጣ፣ ከመለጠፉ በፊት «እህቴ፣ አንዴ ላንብበው» በሉ። ፊደል ተቆርጦ ከሆነ በዚያ ሰዓት ማስተካከል አንድ ደቂቃ ነው። የፖስታ ኮድ የሚጠይቅ ሳጥን ካለና ዘመዳችሁ ኮድ ከሌላት ባዶ ይተው። አንዳንድ ሰው የራሱን የሀዋሳ ፖስታ ሳጥን ቁጥር እዚያ ይጽፋል፤ ካርቶኑ ወደየት እንደሚሄድ እናንተው ገምቱ።

«ከዶራ በኩል» የሚለው የት ገባ? ለማድረሻ ማሳሰቢያ የሚሆን የተለየ ሳጥን ካለ እዚያ ይገባል። ከሌለ ሌላ መላ አለ። እህቴ ሙሉውን አረፍተ ነገር ለጎረቤቷ ነግራ በአረብኛ አስጻፈች፣ ፎቶውን በኢሞ ላከችልኝ። አሳትሜ ካርቶኑ ጎን ላይ ለጠፍኩትና በግልጽ ፕላስተር ሸፈንኩት። አንድ ቅጂ ደግሞ ውስጥ፣ ከሽሮው በላይ አስቀመጥኩ። ውጪ ያለው ቢቀደድ ከፍተው የሚያገኙት ነገር ይኖራል። በርበሬውንም በዚህኛው ዙር ሁለት ላስቲክ ውስጥ አድርጌዋለሁ።

ስም ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ሰው ስለማያወራው እኔ ላውራው። ሞተረኛው እቃ ሲያስረክብ መታወቂያ ሊጠይቅ ይችላል። ካርቶኑ ላይ «ሚሚ» ከተጻፈና መታወቂያው ላይ «ሚሚ» ከሌለ እቃው ይመለሳል። የቤት ስም አይሆንም፤ ይህ ግልጽ ነው። ግልጽ ያልሆነው የፓስፖርቱ ስም ነው። ወደ አረብ አገር ከሄዱት ልጆቻችን ውስጥ ፓስፖርቱ ሲወጣ ሌላ ስም የተጻፈላቸው አሉ። ደላላው ያወጣላቸው፣ ሃይማኖት የሚለውጥ ስምም አለ። እናት ይህን ላታውቅ ትችላለች። ልጅቷም በስልክ ደስ ብሏት የምትናገረው ነገር አይደለም። ስለዚህ «ስምሽ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። «የፓስፖርትሽን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፣ ፊደሉን እንዳልስት» ማለት ይሻላል። ፊደሉም ቢሆን እውነት ነው። «ፀሐይ» የሚለው ስም በላቲን በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ። ካርቶኑ ላይ ያለው ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል መግጠም አለበት።

ቤት ሠራተኛ ሆና በአሠሪዎቿ ቤት የምትኖር ከሆነ ደግሞ ሕንፃው የሚታወቀው በእነሱ ስም ነው። እሷ ፈቃደኛ ከሆነችና እመቤቲቱም ካወቀች ከስሟ ሥር «በእገሌ ቤተሰብ በኩል» የሚል መስመር ይጨመራል፤ በላቲን `c/o` ተብሎ የቤተሰቡ ስም ይከተላል። ሳይነገራቸው ካርቶን በር ላይ ቢመጣ ግን ልጅቷን ልታስቸግሯት ትችላላችሁ። መጀመሪያ እሷን ጠይቁ። የማይመች ከሆነ እሑድ እሑድ የምታገኛት፣ ለብቻዋ ተከራይታ የምትኖር ጓደኛ አትጠፋም። በጓደኛዋ ስምና አድራሻ መላክ ነው።

ስልኩ እኮ እውነተኛው አድራሻ ነው። ሞተረኛው ቅያሱ አፍ ላይ ሲደርስ የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር መደወል ነው። በሊባኖስ ቁጥር ላይ ግን እኛ የምንሳሳትበት ነገር አለ። የአገሩ ኮድ 961 ነው። በ03 የሚጀምረው የቆየ የሞባይል ቁጥር ከውጭ ሲጻፍ ዜሮው ይወድቃል፣ ከኮዱ በኋላ 7 አኃዝ ብቻ ይቀራል። በ70፣ በ71፣ በ76 የሚጀምሩት አዲሶቹ ደግሞ 8 አኃዝ ናቸው፤ የሚወድቅ ዜሮም የላቸውም። የእኛ ቁጥር ከ251 በኋላ ሁልጊዜ 9 አኃዝ ስለሆነ ሰባቱን ያየ ሰው «አንድ ቁጥር ጎደለ» ብሎ ዜሮ ይጨምራል። አትጨምሩ። ቁጥሩን ጽፋችሁ ከማስረከባችሁ በፊት በዚያው በጻፋችሁት ቁጥር ደውሉላት፤ ካነሳች ልክ ነው። ኢሞ ወይም ዋትሳፕ የምትጠቀምበት ቁጥር ሌላ ሲም ሊሆን እንደሚችልም አትርሱ። ሲሙ ከስልኩ ውስጥ ወጥቶ ኢሞው እየሠራ የቀረ ብዙ ነው። ሞተረኛው ደግሞ የሚደውለው በተራ ስልክ ነው።

ሁለተኛ ቁጥርም ያስፈልጋል። ቤይሩት ውስጥ ብዙ ሕንፃዎች ናጡር አላቸው። ናጡር ማለት ዘበኛውም፣ ጽዳቱም፣ ውኃ አስሞዪውም የሆነው፣ ምድር ቤት የሚኖረው ሰው ነው። ሕንፃው ውስጥ ማን የት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ነው። መብራት ሲጠፋ ደወሉ አይሠራም፣ አሳንሰሩም ይቆማል። ሞተረኛው ሦስት ፎቅ በእግሩ ከሚወጣ ናጡሩን መጥራት ይቀለዋል። እህቴ ናጡሩን ቀድማ ነገረችው፣ ቁጥሩንም ሰጠችኝ። ማሳሰቢያው ላይ ይህን ጻፍኩ፦

```
From Dora side. No bell, call.
```

ከዚህ በኋላ «ፒን ብትልክልኝ አይበቃም ወይ?» የሚል አይጠፋም። በስልክ ካርታ ላይ ቦታን የሚያመለክተው ፒን ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ወረቀት ላይ አይለጠፍም። ወረቀት ላይ የሚጻፈው የጎግል ማፕ ፕላስ ኮድ ነው። ካርታው ላይ ሕንፃውን ጫን አድርጋችሁ ስትይዙ ከታች እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል፦ `VGVR+6C`። ከከተማው ስም ጋር ሲጻፍ ቦታውን ያሳያል። ያለ ከተማ ስም ብቻውን እንዲሠራ ከፈለጋችሁ ሙሉው `8G5QVGVR+6C` ነው። የእኛ ሀዋሳ ሙሉ ኮድ ደግሞ በ`6GVW` ይጀምራል፤ የቤታችሁን አውጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ፊደሎቹ ሲመረጡ ዜሮና አንድ፣ አናባቢዎችም ሆን ተብለው ስለቀሩ በእጅ ሲጻፍ ዜሮን ከ«ኦ» የማምታታት ጣጣ የለም።

ኮዱ የሚያመለክተው በአንድ ጎን ከ14 ሜትር የማይበልጥ ሳጥን ነው። ሰፊ ግቢ ላለበት ሰፈር ይህ ከበቂ በላይ ነው። ቡርጅ ሐሙድ ግን ሕንፃው በሕንፃ ላይ ተደግፎ የቆመበት ቦታ ስለሆነ 14 ሜትር ውስጥ ሁለት መግቢያ በር ይኖራል። ፎቁንም አይናገርም። ስለዚህ ኮዱ የምልክቱ ረዳት ነው፤ ምልክቱን አውጥታችሁ እሱን አታስገቡ።

ፒኑን ወይም ኮዱን ስታወጣ ደግሞ «አሁን ያለሁበት» የሚለውን እንዳትነካ ንገሯት። ቤት ውስጥ ሆነው ሲነኩት ቀድሞም ይስታል። ሊባኖስ ውስጥ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 2023 መጨረሻ ጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት የጂፒኤስ ምልክት እየተዛባ ብዙ ሰው ተቸግሯል። ሰው ቤቱ ተቀምጦ ስልኩ አየር ማረፊያ ነህ ይለው ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው። ካርታውን በሳተላይት ገጽታ ትክፈት፣ ቤተ ክርስቲያኑን ታግኝ፣ ቅያሱን ትቁጠር፣ የሕንፃዋን መግቢያ በጣቷ ትያዝ። እህቴ ስታደርገው አንድ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀብን። መጀመሪያ የያዘችው የጎረቤቱን ጣሪያ ነበር።

በፖስታ ቤት በኩል ከላካችሁ ከአድራሻው ሌላ አንድ ጥያቄ ትሞላላችሁ። እቃው ካልደረሰ ምን ይደረግ የሚል ነው። ወዲያው ይመለስ፣ ከተወሰነ ቀን በኋላ ይመለስ፣ ወደ ሌላ አድራሻ ይዛወር፣ ወይም ይተው። ብዙ ሰው ሳያነብ ያልፈዋል። እኔም አልፌው ነበር። እዚያ ላይ የእህቴን ጓደኛ አድራሻ ጽፌ «ይዛወር» ብዬ ምልክት ባደርግ ኖሮ የእማዬ በርበሬ ቤይሩት ይቀር ነበር። የመመለሻውም ሒሳብ ከላኪው ሊጠየቅ እንደሚችል እወቁ። የራሳችሁን አድራሻ በላኪ ቦታ ላይ ስትጽፉም እንዲሁ ተጠንቀቁ። ቀበሌና የቤት ቁጥር ብቻ ጽፎ የተመለሰ እቃ ማግኘት ዘበት ነው። ፖስታ ሳጥን ካላችሁ እሱን፣ ከሌላችሁ በ+251 የሚጀምር ስልካችሁን ጻፉ።

ካስረከባችሁ በኋላ ደረሰኙ ላይ ያለውን መለያ ቁጥር አትጣሉ። በፖስታ ከሆነ 13 ነው፤ ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ አኃዝ፣ ሁለት ፊደል። መጨረሻው `ET` ከሆነ ከኢትዮጵያ የተላከ ማለት ነው። በ`E` የሚጀምረው ፈጣን መልእክት፣ በ`C` የሚጀምረው ተራ ጥቅል ነው። በዚያው ቁጥር በተቀባዩ አገር ፖስታ ገጽም መከታተል ይቻላል፤ ሊባኖስ ውስጥ ሊባንፖስት ነው። እቃው ጉምሩክ ላይ ቢቆይ ያ የአድራሻ ችግር አይደለም። ወደ ማድረስ ከወጣ በኋላ `Unsuccessful delivery attempt` የሚል ሲመጣ ግን በዚያው ቀን ተንቀሳቀሱ። ሞተረኛው ሄዶ አጥቶታል ማለት ነው። ዘመዳችሁ ወዲያው ለአካባቢው ቢሮ ደውላ ቁጥሩንና ምልክቱን ብትነግራቸው አብዛኛውን ጊዜ ደግመው ይወጣሉ። የእኔ የመጀመሪያው ካርቶን ላይ ይህ ጽሑፍ መጥቶ ነበር። እኔ ግን «እየሞከሩ ነው ማለት ነው» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሁለተኛው ካርቶን ደረሰ። ሞተረኛው ፋርማሲው በር ላይ ቆሞ ደወለላት፤ እሷ ሥራ ላይ ስለነበረች ናጡሩ ተቀበለላት። ማታ በኢሞ ስትደውል ዳቦ ቆሎውን እያላመጠች ነበር። እማዬ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ «በርበሬው አልፈሰሰም?» አለቻት።

ዘንድሮ ሦስተኛውን ልልክ ስል የድሮውን ወረቀት አውጥቼ ልገለብጥ ነበር። ለማንኛውም ብዬ ደወልኩላት። «ምግብ ስታዢ አሁንም ያንኑ ነው የምትይው?» አልኳት። «ውይ፣ ፋርማሲው እኮ ተዘግቷል፤ አሁን ስልክ ቤት ነው» አለች። አንዱን ቃል አጥፍቼ በሁለት ቃል ተካሁት፦

```
Hanna Bldg, 3rd Fl, opp. Phone Shop
```

በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩት። 35። ልክ ገባ።